ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሊትር ውኃ?

በ1910ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ትልልቅ ሕንጻዎች ሲሠሩ ከግንባታው መሀል ረጅም ማማ ይተከል ነበር። ኮንክሪቱ በማማው ወደ ላይ ይጎተትና በረጅም አሸንዳ ቁልቁል እየፈሰሰ ካሳፎርማው ውስጥ ይገባል። አሸንዳው ላይ እንዳይያዝ ታዲያ እንደ አጥሚት መቅጠን ነበረበት። ዘዴው ፈጣን ነው፣ የሰው ጉልበት ይቆጥባል፣ በተጠጋጋ ፌሮ መሀልም ኮንክሪቱ ያለ ብዙ ትግል ያልፋል። ማንም የሚከፋበት ምክንያት አልነበረውም።

የሥራ ውሉም ቢሆን አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ይላል እንጂ ስለ ውኃው እምብዛም አይናገርም። ውኃው የሚክሰሩ ሠራተኛ በዓይኑ እየገመተ የሚጨምረው ነገር ነበር። የሊቃውንቱም ትኩረት ሌላ ቦታ ነበር። በ1907 ፉለር እና ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች አሸዋውና ጠጠሩ ከትልቅ እስከ ትንሽ በምን ዓይነት ስብጥር ቢደባለቁ ክፍተት እንደማይተዉ የሚያሳይ ሰፊ ጥናት አሳትመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ኮንክሪት ማለት ጥሩ የጠጠር ምጣኔ ማለት ነው የሚለው ሐሳብ ገዝፎ ቆየ። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም። ግን ያው 1፡2፡4 አንዱ ቦታ ጠንካራ፣ ሌላው ቦታ ደካማ ኮንክሪት ለምን እንደሚሰጥ አያስረዳም።

ተመራማሪው ዳፍ ኤብራምስ በ1914 ቺካጎ በሚገኘው የሉዊስ ኢንስቲትዩት የሥራ ዕቃዎች ምርምር ላቦራቶሪ ሥራውን ሲጀምር የጠበቀው እንቆቅልሽ ይህ ነበር። ወጪው በከፊል ከፖርትላንድ ሲሚንቶ አምራቾች ማኅበር ነው። አካሄዱ ትዕግሥት የሚፈታተን ነበር። የሲሚንቶውን መጠን፣ የአሸዋውን ድቀትና ሻካራነት፣ የጠጠሩን ዓይነትና የውኃውን ብዛት እየቀያየረ ስድስት ኢንች ስፋትና አሥራ ሁለት ኢንች ቁመት ያላቸውን ሲሊንደሮች ያስሞላል፣ ያቆያል፣ በ28ኛው ቀን በማሽን ይጫናል፣ የተሰበረበትን ኃይል ይመዘግባል። የምርምሩን ውጤት በታኅሣሥ 1918 ሲያሳትም 50,000 ገደማ ሙከራዎች ከጀርባው ነበሩት።

ያንን ሁሉ ቁጥር በሲሚንቶው ብዛት ብቻ ብትደረድሩት ነጥቦቹ ይበታተናሉ። በጠጠሩ ምጣኔ ብትሞክሩትም አይሰበሰቡም። ኤብራምስ ግን በግራፉ አግድም መስመር ላይ አንድ ቀላል ቁጥር አኖረ፤ የውኃው ይዘት ለሲሚንቶው ይዘት ሲካፈል። ያኔ በሲሚንቶ የወፈረውም የሳሳውም፣ ሻካራ አሸዋ ያለውም ደቃቅ ያለውም በአንድ ወደ ታች የሚወርድ ቀስት ላይ ተደረደረ። ቀስቱን እንዲህ ጻፈው፦

```
S = 14000 / 7^x
```

S በ28 ቀን የሚገኘው ጥንካሬ ነው፣ በፓውንድ በካሬ ኢንች። x ደግሞ የውኃና የሲሚንቶ የይዘት ሬሾ ነው። በቀመሩ ውስጥ ጠጠር የለም፣ አሸዋ የለም። ለጊዜው ትልቅ ድፍረት ነበር።

ቀመሩን ወደ ሥራ ቦታ ያወረደው የአሜሪካ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ከረጢቱ 94 ፓውንድ ይመዝናል፣ ይዘቱም አንድ ኪዩቢክ ፉት ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ x አንድ ነው ማለት ለአንድ ከረጢት አንድ ኪዩቢክ ፉት፣ ማለትም ሰባት ጋሎን ተኩል ውኃ ማለት ነው፤ ቀመሩም 2000 ይሰጣል። ውኃውን ወደ ስድስት ጋሎን ብታወርዱት x 0.8 ይሆናል፣ ጥንካሬው ወደ 2950 ይወጣል። በአንድ ጋሎን ተኩል ልዩነት ጥንካሬው ወደ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ ሲሚንቶ አልተጨመረ፣ ጠጠር አልተቀየረ። አሜሪካውያን መሐንዲሶች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ውኃን በጋሎን ለከረጢት እየቆጠሩ የኖሩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለአንድ ፈረንሳዊ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። ቡሎኝ ሱር ሜር በምትባለው የወደብ ከተማ ይሠራ የነበረው ረኔ ፌሬ በ1890ዎቹ፣ ማለትም ከኤብራምስ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የቡኮ ጥንካሬ የሚወሰነው ሲሚንቶው ከውኃውና ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር በሚይዘው ቦታ ነው ብሎ በቀመር አስቀምጦ ነበር። እንዲያውም አየሩን ስለቆጠረ የፌሬ ሐሳብ የተሟላ ነው እላለሁ። የኤብራምስ ያሸነፈው የቡድን መሪም በባልዲ ሊለካው ስለቻለ ይመስለኛል።

አየሩ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ኤብራምስ ራሱ በጣም ደረቅ የሆኑትን ቡኮዎች ከቀስቱ አውጥቷቸው ነበር። ውኃው ሲቀንስ ጥንካሬው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ኮንክሪቱ ተጠቅጥቆ መሙላት እስከማይቻልበት ሲደርስ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። በጠጠሩ መሀል አየር ስለሚቀር ነው። ካሳፎርማው ሲነሳ ጠጠሩ ጥርሱን አውጥቶ፣ ፌሮው አልፎ አልፎ ራቁቱን ቀርቶ የምናየው ይህን ነው፤ የኛ ሰዎች ሃኒኮምብ ይሉታል። ስለዚህ ሕጉ የሚሠራው ኮንክሪቱ ጥግ ድረስ ሞልቶ እስከተጠቀጠቀ ድረስ ብቻ ነው። ውኃ መቀነስ የሚቻለውም ቫይብሬተሩ በሚችለው ልክ ነው።

ቀስቱ ተገኘ፤ ምክንያቱ ግን ሳይገለጥ ቆየ። ያንን የፈታው የአምራቾቹ ማኅበር ተመራማሪ ትሬቫል ፓወርስ ነው፣ በ1940ዎቹ። ከባልደረባው ከብራውንያርድ ጋር የደረቀ የሲሚንቶ ቡኮን እየመዘነና እያደረቀ ውኃው የት እንደገባ ቆጠረ። ያገኘውን በኛው 50 ኪሎ ከረጢት ላስላው። ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ከውኃ ጋር ቢዋሃድ ወደ 11.5 ሊትር ውኃ ከሲሚንቶው ጋር በኬሚካል ይታሰራል፣ የድንጋዩ አካል ይሆናል። ሌላ 9.5 ሊትር ያህል በአዲሱ ድንጋይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ድምሩ 21 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ የገባው ውኃ ለሲሚንቶው ሥራ አይሠራም፤ የሚሠራው ለአካፋውና ለቫይብሬተሩ ነው። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ተንኖ ይሄዳል፣ ይዞት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ይቀራል። ጥንካሬን የሚበላው ያ ባዶ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ሲ-25 አርማታ እንሙላ እንበል። 25 ሜጋፓስካል የኩብ ጥንካሬ ነው፤ በሲሊንደር ቢለካ ወደ 20 ይወርዳል። ናሙና ሁሉ እኩል ስለማይወጣ መሐንዲስ የሚያልመው 20ን ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለ አማካይ ነው። የቀደመ የሙከራ መዝገብ ለሌለው ሰው ዒላማውን 28.5 ግድም እናድርገው። የአሜሪካው የኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ሰንጠረዥ ለ30 ሜጋፓስካል 0.54፣ ለ25 ደግሞ 0.61 የክብደት ሬሾ ስለሚሰጥ ለኛ 0.56 ይበቃል። 50 ኪሎ ሲባዛ በ0.56፣ ለአንድ ከረጢት 28 ሊትር። (የኤብራምስ ስድስት ጋሎን በክብደት 0.53 ቢሆንም የዚያ ዘመን ሲሚንቶ የሰጠው ከ20 ሜጋፓስካል ብዙ አልዘለለም። ቀስቱ ዛሬም ያው ነው፣ የቀስቱ ከፍታ ግን ከሲሚንቶው ጋር ይለወጣል። 32.5 ደረጃ ያለው ፒፒሲ ይዞ በ0.56 ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም፤ ውኃው መቀነስ አለበት፣ ስንት እንደሚቀነስም የሙከራ ኩብ ይናገራል።)

28 ሊትር ሲባል ግን ከጀሪካን የሚገባው ብቻ አይደለም፤ አሸዋውም ውኃ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ኪሎ አሸዋ ከክምሩ መሀል አውጥታችሁ መዝኑ፣ በመጥበሻ እያማሰላችሁ እስኪደርቅ አሙቁት፣ እንደገና መዝኑት። 950 ግራም ከወጣ 50 ግራም ውኃ ነበረበት ማለት ነው። ለአንድ ከረጢት 110 ኪሎ እርጥብ አሸዋ ከገባ በውስጡ 5.5 ሊትር ውኃ አለ። አሸዋው ራሱ የሚመጠው፣ ሲሚንቶ የማይደርስበት፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። የቀረው አራት ሊትር ከቡኮው ውኃ ይቆጠራል። ስለዚህ ከጀሪካን የሚገባው 24 ሊትር ነው። ጠጠሩ ደረቅና በፀሐይ የዋለ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ይጠጣል፤ ከመሙላት በፊት ቢረጥብ ይሻላል።

ይህ ሳይታሰብ 28ቱም ሊትር ከገባ ሬሾው 0.64 ይሆናል፤ የሚጠበቀው ጥንካሬ ከ28.5 ወደ 23 ይወርዳል። ለጥንቃቄ ከተያዘው ትርፍ ከግማሽ በላይ ሄደ፣ ግን ገና ከ20 በላይ ነን። ከዚያ ፀሐዩ ይከራል፣ ኮንክሪቱ ይጠነክራል፣ ሠራተኛው “አልነቀነቅ አለ” ብሎ አንድ ትንሽ ባልዲ፣ አራት ሊትር እንበል፣ ይደፋበታል። 36 ሊትር ለ50 ኪሎ፣ 0.72 ሆነ። አሁን ከ20 በታች ነን፤ ሲሚንቶው ግን በውሉ መሠረት ሙሉ ነው፣ ከረጢቶቹን የቆጠረ ተቆጣጣሪም አንድ ጉድለት አያገኝም።

ዕርማቱ የታወቀ ነው። ኮንክሪቱ ለሥራ ካስቸገረ ውኃ ብቻውን አይጨመርም፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ሲሚንቶ አብሮ ይገባል፣ ሬሾው እንዳይናጋ። አለዚያ ውኃ ሳይጨመር የሚያለሰልስ አድሚክስቸር በአምራቹ ልክ ይጨመራል። የስላምፕ ሾጣጣውን በየሙሌቱ መሙላትም ይጠቅማል፤ ጥንካሬን አይለካም፣ ነገር ግን ያው አሸዋ፣ ያው ጠጠርና ያው ሲሚንቶ ይዛችሁ ጠዋት 8 ሴንቲሜትር የሰመጠው ከሰዓት በኋላ 15 ከሰመጠ ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

ቤት የምታስገነቡ ሁሉ፣ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ከረጢቱን ብቻ አትቁጠሩ። ሚክሰሩ አጠገብ ልኩ የተቀባ ጀሪካን አስቀምጡ፣ አሸዋውን ጠዋት መዝኑ፤ ዝናብ ከጣለም እንደገና መዝኑት።