ለማን የተጻፈ ማስታወቂያ ነው?

ልጄ በሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ለሦስት ሳምንታት ተለጥፎ ከረመ። የሚፈለገው ለጀማሪዎቹ ክፍል ረዳት ነበር። መምህሯ ሃያ ሁለት ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ቀርታለች፤ አንዱን ሽንት ቤት ስትወስድ ሃያ አንዱ ያለ ተመልካች ይቆያሉ። እኛ ወላጆች ነገሩ አሳስቦን ርእሰ መምህሯን ስንጠይቃቸው የሚሆን ሰው አልመጣም አሉን። ከመጡት ጥቂቶች መካከል አብዛኞቹ የቢሮ ሥራ እስኪያገኙ መቆያ የሚፈልጉ ወጣት ተመራቂዎች ነበሩ። የሥራውን ዝርዝር ሲሰሙ ተመልሰው አልመጡም።

በየጠዋቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ አንዲት ሴት አሉ፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናቸው። በሩ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ካለ እናቱ ሳትሆን እሳቸው ናቸው አባብለው የሚያስገቡት። በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተቀጥረው ሦስት ልጆች እንዳሳደጉም ሰምቻለሁ። አንድ ቀን፣ “እትዬ፣ ይህን ሥራ ለምን አይሞክሩትም?” አልኳቸው። ወደ ወረቀቱ ዞር ብለው አዩና፣ “ልጄ፣ አንብቤዋለሁ እኮ። ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነው የተውኩት” አሉኝ።

ወረቀቱን እንደ አዲስ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ይላል፦

“ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የሕፃናት እንክብካቤ ረዳት ባለሙያ። ብዛት፦ 1። ጾታ፦ አይለይም። ዕድሜ፦ ከ20 እስከ 35። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከታወቀ የትምህርት ተቋም በዲፕሎማ የተመረቀ፣ 2 ዓመት ቀጥተኛ የሥራ ልምድ ያለው፣ መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል። ደመወዝ፦ በስምምነት። አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዘው በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ እናሳስባለን። ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት የተመረጡ አመልካቾች ብቻ ናቸው።”

ይህን ቋንቋ ሁላችንም እናውቀዋለን። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ሥራ የፈለገ ሰው በቃሉ ይወጣዋል። ማንም በክፋት አልጻፈውም፤ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ ተገልብጦ የመደቡ ስም ብቻ ተቀይሮ ነው። ኮምፒውተሩም የመጣው ከጸሐፊዋ ማስታወቂያ መሆኑን ኋላ ደረስንበት። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ከመደቡ መጠሪያ ውጪ ሕፃን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ሠራተኛ መቅጠር የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ወላጅ ኮሚቴው ማስታወቂያውን እኔ እንድጽፈው ጠየቀኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠው የሚያደርገው “ደስ የሚል የሥራ አካባቢ” እና “እኛ ቤተሰብ ነን” የሚሉ ቃላት መጨመር ነው። እኔ የጀመርኩት ከመምህሯ ነው። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን፣ “ረዳት ብትኖርሽ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ታደርግልሽ ነበር?” አልኳት። “ረዳት ምን ዓይነት ሰው ትሁን?” ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትዕግሥተኛ ብላኝ ትጨርስ ነበር። ትናንትን ስትጠየቅ ግን የሆነውን ነገረችኝ። ጠዋት በር ላይ የሚያለቅሱትን መቀበል። የምሳ ዕቃ መክፈት፣ ያልበላውን ማጉረስ። ልብሱ ላይ ያመለጠውን ሌሎቹ ሳያዩበት ወስዶ መቀየር። ማታ ማን ማንን እንደሚወስድ ማወቅ። የማስታወቂያው ዋና አካል ይኸው ሆነ።

ቀጥሎ ርእሰ መምህሯና እኔ የድሮውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በእያንዳንዱ መስፈርት ላይ አንድ ጥያቄ አነሳን፦ ይህ ባይኖራት ሕፃናቱ ላይ ምን ይደርሳል? ኮምፒውተር ባትችል ምንም። ዲፕሎማ ባይኖራት፣ ማስተማሩ የመምህሯ እስከሆነ ድረስ፣ ምንም። ማንበብና መጻፍ ባትችል ግን የመድኃኒት ወረቀትና የወላጅ መልእክት ማየት አትችልም፤ ስለዚህ ይቆያል። የዕድሜው ጣሪያ ላይ ርእሰ መምህሯ ተከራከሩኝ፣ “ሥራው ጉልበት ይፈልጋል” ብለው። እውነታቸውን ነው። ጉልበት ከተፈለገ ግን መጻፍ ያለበት ጉልበቱ ነው፤ ሕፃን ማንሳት፣ ወለል ላይ መቀመጥና መነሳት። ይህን የማይችል የሠላሳ ዓመት ሰው አለ፣ የሚችል የሃምሳ ዓመት ሰውም አለ።

“ቀጥተኛ የሥራ ልምድ” የሚለው ደግሞ እኚያን ሴት በሩ ላይ የመለሳቸው ሳይሆን አይቀርም። ሰው ቤት ልጅ ያሳደገ የልምድ ደብዳቤ ማን ይጽፍለታል? በእሱ ፋንታ የሚያውቋቸውን የሁለት ሰዎች ስልክ ጠየቅን።

የነካነው ሁሉ ግን አልላላም። ሕፃናት ያሉበት ቦታ ነውና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃና የጤና ምርመራው እንዳለ ቀረ። የተለወጠው ጊዜውና ወጪው ነው። ድሮ ያልተመረጠውም ጭምር ከፍሎና ተሰልፎ ያመጣው ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው የተመረጠው ሰው ብቻ ሆኖ የሚከፍለውም ትምህርት ቤቱ ነው። ይህንንም ወረቀቱ ላይ ጻፍነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አይቶ ነውና ለማመልከት የሚወስነው።

አሁን ወደ ሰዋስው ልመለስ። በድሮው ማስታወቂያ ጾታ አይለይም ይባልና ወዲያው የተመረቀ፣ ያለው፣ የሚችል ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ዳንየል ጎሼ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በእንግሊዝኛ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ጥናት አሳትማ ነበር። የወንድ ጠባይ ተደርገው የሚታዩ እንደ ተፎካካሪና የበላይ ያሉ ቃላት ሲበዙ ሥራው ሴቶችን ብዙም እንደማይስባቸው አሳይታለች። ምክንያቱ ሥራውን አንችለውም ብለው ማሰባቸው አልነበረም፤ የእኛ ቦታ አይደለም የሚል ስሜት ነው። የእትዬ “ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ” ማለት እኔን ይህን ነው ያስታወሰኝ። አማርኛ እንዲያውም ከዚያ ይብሳል፤ ተፎካካሪ የሚል ቃል ሳያስፈልገው ግሡ ራሱ በወንድ ይጨርሳል።

አንዳንዱ “የተመረቀ/ች፣ የሚችል/የምትችል” እያለ በእዝባር ይሞላዋል። ትክክል ነው፤ ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሰው እንዲህ አይናገርም። መፍትሔው እጃችን ላይ ያለው “እርስዎ” ነው። “ልጆች ያሳደጉ”፣ “ማንበብና መጻፍ የሚችሉ” ስንል ወንድም ሴትም ይገባበታል፤ አክብሮቱም አብሮ ይመጣል። “እናሳስባለን” የሚለውም ባልተጠፋ ጥፋት የሚቆጣ ይመስላልና ወጣ።

ከሁሉ ያከራከረን ደመወዙ ነው። ርእሰ መምህሯ “በስምምነት” ይሁን አሉ፤ ሌሎች ሠራተኞች ያዩታል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የነባሮቹ ደመወዝ ከአዲሱ ያነሰ ከሆነ ወረቀቱ ያጋልጣል፤ የሚሻለው ግን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። “በስምምነት” ሲባል ድርድር የለመደው ይመጣል፣ ያልለመደው ደግሞ የታክሲውን እንኳ አይሸፍን ይሆናል ብሎ ይቀራል። ሁለት ስብሰባ ፈጅቶ ቁጥሩ ተጻፈ። እዚህ ላይ ካልተስማማን ሌላው ለስላሳ ቃል ሁሉ ባይጻፍ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ደመወዙን ደብቆ “ቤተሰብ ነን” የሚል ማስታወቂያ ከደረቁ ይልቅ ያስጠረጥራል።

የተለጠፈው ይህ ነው፦

“ከሦስት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሃያ ሁለት ሕፃናት ክፍል ረዳት እንፈልጋለን። ጠዋት እያለቀሱ የሚመጡትን ይቀበላሉ፣ ምሳ ያበላሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ሲተኙ አብረው ይሆናሉ፣ ማታ ለወላጆቻቸው ያስረክባሉ። የሚያስተምሩት መምህሯ ናቸው። ትንንሽ ልጆች በቤትዎም ሆነ በሥራ ካሳደጉ፣ ማንበብና መጻፍ ከቻሉ፣ ሕፃን ማንሳትና ወለል ላይ መቀመጥ ካልከበደዎት፣ ያመልክቱ። ዲፕሎማ አንጠይቅም። ሥራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ቀኑ 10፡00 ነው፤ ድምፅና ሩጫ አይጠፋበትም። ደመወዙ ግብር ሳይቀነስ በወር 7,500 ብር ነው፤ ምሳ ከልጆቹ ጋር ይበላሉ። መጀመሪያ በስልክ ይደውሉ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ፤ መታወቂያና የሚያውቁዎትን የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር ብቻ ይያዙ። የፖሊስ ማስረጃና የጤና ምርመራ ለተመረጡት ብቻ ነው፤ ወጪውን እኛ እንሸፍናለን። ለደወለ ሁሉ፣ ቢመረጥም ባይመረጥም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንሰጣለን።”

ከሥር የምትደወልላት የቢሮ ሠራተኛ ስም፣ ስልኳና የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን አለ። ስሟ መጻፉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሰው ግን ለ“ድርጅቱ” ከመደወል ስሟን ለሚያውቃት ሰው መደወል ይቀለዋል።

“ድምፅና ሩጫ አይጠፋበትም” የሚለውን ርእሰ መምህሯ ያስፈራል ብለው ሊያስወጡት ነበር። እንዲያስፈራ ነው የተጻፈው። ማስታወቂያ የሚሆነውን ሰው እንደሚጠራ ሁሉ የማይሆነውን በጊዜ ማሰናበት አለበት፤ አለበለዚያ ሰውየው ራሱን የሚያሰናብተው ከተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሕፃናቱ ከለመዱት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ተሳስተናል። “በስልክ ይደውሉ” ብለን ሰዓት አልጻፍንም። የቢሮዋ ልጅ ምሳዋን ሳትበላ የዋለችባቸው ቀናት ነበሩ፤ በሦስተኛው ቀን “ከ8፡00 እስከ 10፡00” የሚል በእስክሪብቶ ጨመረችበት። ከደወሉት ውስጥ ምግብ ማብሰል ነው ብለው የተረዱም ነበሩ፤ “ምሳ ያበላሉ” የሚለው አሳስቷቸው ነው። በሚቀጥለው “ከቤት የመጣውን ምሳ” ተብሎ ይጻፋል።

እትዬ ቅዳሜ መጡ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩት አራት ሰዎች አንዷ ነበሩ፤ ቢሮ ውስጥ ብዙም አልተናገሩም። ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ተደረገ፤ መምህሯ ከኋላ ሆና ታያለች። አንዱ ሕፃን ጫማውን በግልባጭ አድርጎ ሲመጣ ወለሉ ላይ አብረውት ተቀምጠው፣ አውልቀው ከማልበስ ይልቅ፣ “የትኛው እግር ነው የተቆጣህ?” አሉት። ልጁ ራሱ አውልቆ አስተካከለው። አሁን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት በማይበልጠው የሙከራ ጊዜ ላይ ናቸው፤ ይህም በጽሑፍ ተሰጥቷቸዋል።

ለቀሩት ሦስቱ የቢሮዋ ልጅ ራሷ ደወለችላቸው። አንዷ፣ “ሥራ ስፈልግ አልተመረጥሽም ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም” አለቻት። ስልኳን በማስታወሻ ደብተር ይዛዋለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ክፍል ይከፈታል። ወረቀቱም ቀኑ ሲያልፍ በማግስቱ ከበሩ ተነሣ።