ፊቱ ሲዘል እጁ ይሸፍናል

አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ሲናገር እያያችሁ ድንገት ጭንቅላቱ ወደ ጎን ሸርተት ይላል፤ ጉልበቱ ላይ የነበረው እጁ በቅጽበት አገጩ ላይ ይገኛል። ቪዲዮ ሠሪዎች ይህን ጃምፕ ከት ይሉታል። ኤዲተሩ ከንግግሩ መሀል የተደጋገመውን ወይም ከጉዳዩ የወጣውን ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝ የሚፈጠር ነው። ቃሉ ይገጥማል፣ ምስሉ ግን አይገጥምም።

ዓይን ይህን ቶሎ የሚይዘው ከሰውየው በቀር ሌላው ነገር ሁሉ ስላልተለወጠ ነው። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የካሜራው ርቀት እንደነበሩ ናቸው፤ የተነቃነቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ «ጊዜ አለፈ» ብሎ ሳይሆን «ሰውየው ዘለለ» ብሎ ያየዋል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ግን፣ ለምሳሌ ከፊቱ ወደ እጆቹ ቢሄድ፣ ዓይን እንደ አዲስ ነገር ይቀበለዋል። መሸፈኛ ምስል፣ በሙያው ቋንቋ ከታዌይ ወይም ቢ-ሮል የሚባለው፣ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ዝላዩ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም፤ ፈረንሳዊው ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ሆነ ብሎ ተጠቅሞበታል። ረጋ ብሎ የሚያወራ አዛውንት ላይ ሲመጣ ግን ያስደነግጣል፣ ከንግግሩም ያናጥባል።

ሽሮ ሜዳ የሚሠራ አንድ ሸማኔ ስለ ሙያው ሲናገር ቀርጸን አራት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ልንሠራ ነው እንበል። ብዙዎች ካሜራ ይዘው ይሄዱና መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ይቀርጻሉ፤ የቤቱን በር፣ የተሰቀለውን ነጠላ፣ መንገዱን። ኤዲት ላይ ሲቀመጡ ግን ሰውየው ስለ እግሩ ሲናገር የሚታይ እግር የላቸውም። እኔ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ንግግሩ ይቅደም፣ መሸፈኛው ንግግሩን ይከተል።

ቃለ መጠይቁ ሲቀረጽ ሽመናው ይቁም። የመወርወሪያው ድምፅ ከንግግሩ ሥር ካለ ንግግሩን በቆረጣችሁበት ቦታ ሁሉ ምቱ አብሮ ይቆረጣል፤ ምስሉን በምንም ብትሸፍኑት ጆሮ ያውቀዋል። ድምፁን በኋላ ለብቻው አንድ ሁለት ደቂቃ ቅረጹት። ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ እዚያው ሳላችሁ፣ ቅጂውን እየሰማችሁ የሚቀረውን በወረቀት ላይ ጻፉ፣ የሚወጣውን ሰርዙ። ሥራው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሸማኔው በዚያ ጊዜ ቡናውን ይጠጣል ወይም ወደ ሥራው ይመለሳል። በሁለት ያልተሰረዙ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ዝላይ የሚፈጠርበት ቦታ ነው። ከጎኑ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ እዚህ ቦታ ላይ ስለ ምን እየተናገረ ነው?

አንዱን መጋጠሚያ እንውሰድ። ሸማኔው «ሥራውን የተማርኩት ከአባቴ ነው» አለ። ከዚያ ስለ አጎቱ ልጅ ረዘም አድርጎ አወራ፤ ይህ ተሰረዘ። ቀጥሎ «መጀመሪያ እግሬ መርገጫው ላይ አይደርስም ነበር» አለ። በወረቀቱ ላይ የምትጽፉት «እግር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከቅርብ» ነው። ባህላዊው ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ስለሚሠራ፣ ያ እግር ከወትሮው የንግግር ምስል ውጭ የሆነ፣ ተመልካቹ ያላየው ነገር ነው። ሌላ መጋጠሚያ ላይ ድር ሲያደራ ወይም ማግ ሲደወር፣ ሌላው ላይ የጥለቱ ቀለም ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ መጋጠሚያ ካገኛችሁ የምትቀርጹት ዝርዝር በእጃችሁ ነው።

ሲቀረጽ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ እያንዳንዱ ምስል ቢያንስ አሥር ሰከንድ ይቆይ። ከመጀመሪያው ሰከንድ ቁልፉ ሲጫን የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ፣ ከመጨረሻውም እንዲሁ ይወጣል፤ ከመሀሉ የምትፈልጉት አምስት ሰከንድ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። አንድን ድርጊት አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ ቅረጹት፤ ሁለት ምስል ተከታትሎ ሲመጣ ሥራው ራሱ የሚታይ ይሆናል፣ የተለጠፈ አይመስልም። ሥራውን ሊያበላሽ የሚችል አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሸማኔው በሠራ ቁጥር ጨርቁ ይረዝማል። ጥለቱ ያለቀበትን ምስል «ገና ሲጀመር» በሚለው ንግግር ላይ ብታስቀምጡ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያየዋል።

አሁን ኤዲት ላይ ነን። መሸፈኛው የሚጀምረው መጋጠሚያው ላይ አይደለም። «ከአባቴ» ከሚለው ቃል አንድ ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ መወርወሪያውን የሚወረውሩት እጆች ይገባሉ፤ መጋጠሚያው በእጆቹ ሥር ያልፋል፤ «እግሬ» ከማለቱ ጥቂት ቀድሞ እግሮቹ ይመጣሉ፤ ቃሉ ሲወድቅ ዓይን ደርሶ ይጠብቀዋል። ሸማኔው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ወደ ፊቱ እንመለሳለን። ጠቅላላው አምስት ወይም ስድስት ሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ መሸፈኛ ግን የሚደብቅ ነገር እንዳለ ይናገራል። ሂሳቡም ይመቻል፦ አሥራ አንድ መጋጠሚያ በአምስት ሰከንድ ሃምሳ አምስት ሰከንድ ነው፤ ከአራት ደቂቃው ሩብ ያህሉ ይሸፈናል፣ በቀረው ሰውየው ራሱ ይታያል።

መሸፈን የሌለበትም አለ። ስለ አባቱ ሞት ሲናገር ድምፁ ከተሰበረ፣ እዚያ ላይ የእግር ምስል ማስገባት ዓይኑን ከተመልካች መንጠቅ ነው። መጋጠሚያው እዚያ ከወደቀ ሌላ መንገድ አለ። ንግግሩ በ4ኬ ተቀርጾ ቪዲዮው በ1080 የሚወጣ ከሆነ፣ ምስሉን እስከ እጥፍ ድረስ ማጉላት ጥራቱን አይቀንስም። ከመጋጠሚያው በኋላ ያለውን ሠላሳ በመቶ ያህል አጉሉት፤ አምስት በመቶ ማጉላት ግን እንደ ስህተት ይታያል። ዓይኖቹ ከላይኛው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት እንዳይቀይሩ ብቻ ተጠንቀቁ።

ቪዲዮው ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ተመልከቱት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ የሚዘል ነገር ካለ ያኔ ይታያል። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ምስሉ የሸፈነው መጋጠሚያ በድምፅ ሊጋለጥ ይችላል፤ የትንፋሹ ግማሽ ተቆርጦ ይሰማል፣ ወይም ከፍ ብሎ የጀመረ ድምፅ ሳይወርድ ሌላ ዝቅ ያለ ዓረፍተ ነገር ይተካዋል። ያኔ መጋጠሚያውን ወደሚቀጥለው የትንፋሽ ቦታ ማዛወር ወይም በተናጠል የተቀረጸውን የሽመና ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከሥሩ ማስገባት ይረዳል።

ሁለቱንም ያለፈ መጋጠሚያ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሸማኔው «ዘንድሮ ገበያው ሞቷል» ብሎ ቀጥሎ «ከበዓል ውጪ ማለቴ ነው» ቢል፣ ሁለተኛውን ቆርጦ የእጆቹን ምስል መዘርጋት ይቻላል፤ ማንም አያውቅም፤ እሱ ግን ያላለውን አለ። ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉት። ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት የቀረውን ንግግር እንደተቀጠለ ለሸማኔው አንብቡለት፤ «እንዲህ አላልኩም» ያለበትን መጋጠሚያ ፍቱና የተቆረጠውን መልሱ።