ክፉ ባይመጣስ፣ ገንዘቤ የት ይገባል?

ባለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን የሚገባው ሕግ ስለሚያስገድደው ነው። የሕይወት መድን ግን የሚያስገድደው የለም። ወኪሉ ሰው ቤት ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ማንም ሊያነሣው የማይወደውን ነገር አንሥቶ መሸጥ አለበት። ከሽያጭ ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ክብሩ ግን ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። «ኢንሹራንስ ነኝ» ሲል ከበር የሚመለስ ወኪል ብዙ ነው።

አሠራሩን የማያውቅ የለም፦ መድን ገቢው አረቦን ይከፍላል፣ አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው ይከፍላል። ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን አቋቋመ፤ የግል ኩባንያዎች የተመለሱት ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ነው። የሕይወት መድን ግን እስከ ዛሬ ከመኪናው መድን ጥላ ሥር አልወጣም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጀሞ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቤት ከአንዲት ወኪል ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። አባወራው የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ 38 ዓመቱ። ባለቤቱ ትንሽ ሱቅ አላት። ሦስት ልጆች አሉ፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሹፌሩ እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ወኪሏ ገና የመጣችበትን ስትናገር እናትየው አቋረጧት፤ «ምን ዓይነት ሟርት ነው በዓመት በዓል ሰሞን!»

ወኪሏ አልተከራከረችም። «እማማ፣ እድር አለዎት?» አለች።

«ሁለት አለኝ።»

«ክፉ ሳያገኝዎት ከረመና የከፈልኩትን መልሱልኝ ብለው ያውቃሉ?»

«ኧረ በስማም! ባያገኘኝ ነው እንጂ የምወደው።»

ሹፌሩ ሳቀ፣ ግን አልተረታም። «እሱስ ልክ ነሽ እህቴ። እድሩ ግን ጎረቤቴ ነው፤ ዳኛውን አውቀዋለሁ። እናንተን በምን ላውቃችሁ?»

ብዙ ወኪሎች እዚህ ላይ ስለ ኩባንያቸው ታላቅነት ማውራት ይጀምራሉ። ይህችኛዋ ከቦርሳዋ ሦስት ነገር አወጣች። አንደኛው ከብሔራዊ ባንክ የተሰጣት የወኪልነት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የኩባንያው የባንክ ሒሳብ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ «በእጄ ብር አይሰጡኝም፣ እዚህ ያስገቡና ደረሰኙን ከኩባንያው ይቀበላሉ» አለችው። ሦስተኛው ካሳ ሲጠየቅ የሚቀርቡ ሰነዶች ዝርዝር ነው፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የውሉ ቅጂ፣ የተጠቃሚው መታወቂያ። ካሳ እንዴት እንደሚጠየቅ ገና ከመሸጧ በፊት ያሳየች ወኪል ሹፌሩ አይቶ አያውቅም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው የሳበው ያኔ ነው።

ከዚያም የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ። «እሺ፣ ክፉ ባይመጣስ፣ ገንዘቤ የት ይገባል?»

ቤተሰብ በመድን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ አመላለስ ነው። ቀላሉ መልስ «ይመለስልዎታል» ማለት ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ኢንዳውመንት የሚባለው ውል ሰውየው ቢሞትም፣ ዘመኑን በሕይወት ቢጨርስም ይከፍላል። ተርም የሚባለው ደግሞ በውሉ ዘመን ከሞተ ብቻ ይከፍላል፤ ካልሞተ ምንም የለም። «ብሬ ከንቱ እንዳይቀር» የሚል ሰው ያለጥርጥር የመጀመሪያውን ይመርጣል። የወኪሉ ኮሚሽን ደግሞ ከአረቦኑ ጋር የሚያድግ ስለሆነ፣ ውድ የሆነውን ኢንዳውመንት መሸጥ ለእሱም ይጥመዋል። ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ።

ወኪሏ ግን ደብተር አውጥታ አሰላች። ሹፌሩ በወር 500 ብር፣ በዓመት 6,000 ብር ማውጣት እችላለሁ ብሏል። ለማስረዳት ያህል የተርም ዋጋ በዓመት ለሺህ ብር ሽፋን 6 ብር፣ የ15 ዓመት ኢንዳውመንት ደግሞ 60 ብር ነው ብላ ያዘች። እውነተኛው ዋጋ በዕድሜ፣ በጤናና በኩባንያው ይለያያል። በዚህ ሒሳብ 6,000 ብሩ በተርም የ1,000,000 ብር ሽፋን ይገዛል፤ በኢንዳውመንት የ100,000 ብር ብቻ።

«ቤታችሁ በወር ስንት ያወጣል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቲቱ «ሃያ ሺህ አይበቃም» አለች። ሃያ ሺህ ይሁን ተባለ። ሹፌሩ በሦስተኛው ዓመት መንገድ ላይ ቢቀር፣ ኢንዳውመንቱ ቤቱን አምስት ወር ያቆያል። ተርሙ 50 ወር፣ ማለትም ከአራት ዓመት በላይ። በሌላ በኩል ሹፌሩ 15 ዓመቱን በሰላም ቢጨርስ፣ በኢንዳውመንቱ 90,000 ብር ከፍሎ 100,000 ብርና ካለ የትርፍ ድርሻ ይቀበላል። ያ 100,000 ብር ግን የዚያን ጊዜ 100,000 ብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር ማለፉን ሹፌሩ ከጎማ ዋጋ ያውቀዋል።

እንግዲህ ከንቱ የቀረው የትኛው ነው? «ገንዘቤ ይመለስ» የሚለው ፍርሃት ሽፋኑን አሥር እጥፍ አሳነሰው፤ ሰውየውም መድን ገብቻለሁ ብሎ ይተኛል። ኢንዳውመንት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሽፋኑ ከበቃ በኋላ የሚተርፈው፣ በራሱ መቆጠብ የማይሆንለት ሰው ይጠቀምበታል። ነገር ግን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ቢያቋርጠው በብዙ ውሎች የሚመለስለት ነገር የለም። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ወኪል ከዓመት በኋላ ሰፈሩን በሙሉ ያጣል።

ሹፌሩ ተርሙን መረጠ፤ ቅጹ ተዘረጋ። እዚህ ላይ ወኪሎችም ቤተሰቦችም ተግሣጽ ይገባቸዋል። ስለ ደም ብዛት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ሲጋራ የሚጠይቀውን ገጽ ወኪሉ ቸኩሎ በሙሉ «የለም» እያለ ይሞላዋል፤ ደንበኛው ሳያነብ ይፈርማል። «ኢንሹራንስ አይከፍልም» ከሚባሉት ታሪኮች ጥቂት የማይባሉት የሚጀምሩት ከዚህች ገጽ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ሆን ተብሎ የተደበቀ ጉዳይ ውሉን ያፈርሳል። እውነቱ ቢነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው አረቦኑ ትንሽ መጨመሩ ነው።

ሹፌሩ «የለም» ሊል ሲል ባለቤቱ ቀደመችው። «ደም ብዛት አለህ አይደል እንዴ? ኪኒን ትወስዳለህ።» ወኪሏ ጻፈችው፤ ኩባንያው የሐኪም ምርመራ ሊጠይቅ እንደሚችልም ነገረችው።

የቀረው የተጠቃሚ ስም ነበር። ሹፌሩ «ወራሾቼ ብለሽ ጻፊው» አለ። ወኪሏ እምቢ አለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 827 መሠረት ተጠቃሚው ካልተለየ ወይም በደፈናው «ወራሾች» ከተባለ ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሲጠብቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስም ከተጻፈ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። ሹፌሩ የባለቤቱን ሙሉ ስም እስከ አያቷ አስጻፈ፤ አጻጻፉ ከመታወቂያዋ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ወኪሏ ፊደል በፊደል አመሳከረች።