ጋቢው ለማን ይሆናል?

ነሐሴ ሲጋመስ የቴሌግራም ሻጮች አነጋገር ይለወጣል። በሌላ ጊዜ «ነጭ ጋቢ፣ ሽሮ ሜዳ ነን» ብሎ የሚያልፈው ሻጭ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እንዲህ ይጽፋል፦ «ለእናትዎ ያለዎትን ፍቅር የሚገልጹበት የመጨረሻ ዕድል! 3 ጋቢ ብቻ ቀርቷል! ዛሬውኑ ይዘዙ!» ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ብትገቡ ያው 3 ጋቢ አሁንም እንደቀረ ነው።

ሐሰቱ በራሱ መጥፎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ስለ ጋቢው አንድም ነገር አልነገረንም። በእጅ የተፈተለ ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ድርቡ ስንት ነው? ጥለቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ሻጩ ጊዜውንና ቦታውን ሁሉ ገዢውን ለማስቸኮል አዋለው።

ለስጦታ የሚሸጥ ዕቃ ከሌላው የሚለየው ከፋዩና ተጠቃሚው ሁለት ሰዎች በመሆናቸው ነው። ለራሱ የሚገዛ ሰው የሚወደውን ያውቃል። ለአማቱ የሚገዛ ሰው ግን በልቡ የሚያመላልሰው «ይሆናቸው ይሆን? ይለብሱት ይሆን?» የሚል ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ሥራ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። ጥርጣሬው የተመለሰለት ሰው ማንም ሳይገፋው ይወስናል፤ ሳይመለስለት የተገፋ ሰው ደግሞ ወይ ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ገዝቶ ይጸጸታል።

በአማርኛ ግፊቱ የሚቀመጠው በአብዛኛው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ በግሡ ላይ ነው። «ይዘዙ፣ እዘዝ፣ እንዳያመልጥሽ» ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ደግሞ ትእዛዝ በሰጠን ቁጥር አንባቢው ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ መገመት ግድ ይለናል፤ ስንስት ደግሞ ቅር እናሰኛለን። ግሡን ወደ ሦስተኛ ሰው ማዞር ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። «ለእናትዎ ይግዙ» ሲባል ትእዛዝ ነው፤ «ማለዳ ብርድ ለሚሰማቸው ወላጆች ይሆናል» ሲባል ሐሳብ ነው። ሁለተኛውን ያነበበ ሰው በብርድ ጠዋት በረንዳ ላይ የሚቀመጡትን አባቱን ያስባል፤ አባት የሌለው ደግሞ አክስቱን ሊያስብ ይችላል፣ ወይም ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያስከፋው ነገር የለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። እናቱን ባለፈው ዓመት የቀበረ ሰው «እናትዎን ረስተዋል?» የሚል መልእክት በስልኩ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው አስቡ። ብሉም ኤንድ ዋይልድ የተባለው የለንደን አበባ ሻጭ በ2019 እ.ኤ.አ. ደንበኞቹን ስለ እናቶች ቀን መልእክት እንዳይላክላቸው መምረጥ እንደሚችሉ ጠይቆ ነበር፤ ብዙዎችም ይህን መርጠዋል። የእኛ ሻጮች እንዲህ ያለ ሥርዓት ላይኖራቸው ይችላል። ቢያንስ ግን በግል ስልክ «እናትዎ» ብሎ ከመላክ ይልቅ፣ ጽሑፉን ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ አድርጎ ማለፍ ይቻላል።

አሁን ያንን የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አብረን እንጻፈው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ የሚሆነው ሰው፣ ከዚያ በኋላ አጋጣሚው፣ መጨረሻ ላይ ቀኑ፦

«በእጅ የተፈተለና የተሸመነ የጥጥ ጋቢ። አራት ድርብ ስለሆነ ከነጠላ ይከብዳል፣ ያሞቃል። ዳሩ ላይ ጠባብ ሰማያዊ ጥለት አለው። ማለዳ ለሚወጡና ማታ ቤት ቁጭ ለሚሉ ሰዎች ይሆናል። ለአዲስ ዓመት ለወላጅ፣ ለመልስ ለአማት፣ ለአራስ ቤትም ይወሰዳል። ወንድምና እህት አዋጥተው ለሚሰጡትም እናሽጋለን። እስከ ነሐሴ 25 የታዘዘ አዲስ አበባ ውስጥ ከበዓሉ በፊት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የታዘዘ ከመስከረም 1 በኋላ ይደርሳል። ዋጋው በጥቅሉ ላይ አይጻፍም።»

ከዚህ ላይ ሻጩ ራሱ በሜትር የለካውን ርዝመትና ስፋት፣ ዋጋውንም ይጨምራል። ጋቢው የፋብሪካ ክር ከሆነም የፋብሪካ ክር ብሎ ይጻፍ፤ እሱንም የሚፈልግ ገዢ አለ።

አጋጣሚዎቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት ብለን ብንደረድር አንባቢው አንዱንም በዓይነ ኅሊናው አያየውም። በሃይማኖት ብቻ ማጥበብም አይገባም። «ለቤተ ክርስቲያን» ብሎ የጻፈ ሻጭ ለኢድ ለአባቱ ጋቢ የሚፈልገውን ሙስሊም ሳያውቅ ከደጅ መልሶታል፤ «ማለዳ ለሚወጡ» ሲል ግን ሁሉንም አስገብቷል።

«አዋጥተው» የምትለዋን ቃል ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ዋጋው የከበደው ሰው እንዳያፍር መውጫ ትሰጠዋለች፤ መዋጮም የቆየ ልማዳችን ነው። የዚህ ተቃራኒ ስጦታዎችን «ቆጣቢ»፣ «መደበኛ»፣ «ቪአይፒ» ብሎ መክፈል ነው። «ቆጣቢ» የተባለውን ለሙሽራ መስጠት ማን ይፈልጋል? ስማቸውን በያዙት ነገር ብንሰይም፣ ማለትም «ጋቢ ብቻ» እና «ጋቢና ነጠላ» ብንል፣ ገዢው በኪሱ ልክ ሲመርጥ የሚቀንሰው ክብር የለም።

ቀን መጥቀስ ግፊት አይደለም፤ እውነት እስከሆነ ድረስ። በእጅ የሚሸመን ዕቃ ሸማኔው ጊዜ ይፈልጋል፣ መላኪያውም በበዓል ዋዜማ ይጨናነቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እውነተኛ ቀን ምክንያት አለው፣ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆንም ይናገራል። ከውጭ ሆኖ ለቤተሰቡ ለሚያዝ ገዢ ደግሞ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ይረዳዋል። እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ግን ወደ 12 ይሸጋገራል፤ ዋሽንግተን ያለ ሰው ይህን ሊዘነጋው ይችላል።

የሰርግ ጽሑፍም የራሱ ወቅት አለው። ኦርቶዶክሳውያን በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አይደግሱም፤ ሰርጉ በጥር ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላም ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ይመለሳል። ስለዚህ በጾሙ መካከል «ዛሬውኑ» ብሎ መጮህ ትርፍ የለውም። ያኔ የሚጠቅመው «ለግንቦት ሰርግ የሚሆን ጥለት ከአሁን ማሳሸመን ይቻላል» የሚል ረጋ ያለ መረጃ ነው። ለሰርጉ ገንዘብ በፖስታ የሚሰጠውንም እንግዳ «ገንዘብ ይረሳል፣ ስጦታ ግን ይኖራል» እያልን አናሳፍረው። ብዙ ሙሽሮች የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

ጽሑፉ መሥራቱ የሚታወቀው ገዢዎች በሚጠይቁት ጥያቄ ነው። «ለአባቴ ይደርስልኛል ወይ?» የሚለው ከበዛ ልኩ አልተጻፈም ወይም አልጎላም ማለት ነው። «መቼ ይደርሳል?» ከበዛ ቀኑ ተደብቋል። በዓሉ ካለፈ በኋላ «ልመልሰው» የሚል ከበዛ ደግሞ ሰው ተቻኩሎ ገዝቷል፤ ያኔ ጽሑፉ እንደገና መነበብ አለበት።

ሌላም ፈተና አለ። ማስታወቂያውን ስጦታው የሚደርሳቸው ሰው ቢያነቡት ያፍሩ ይሆን? «የመጨረሻ ዕድል» ተብሎ የተገዛ ጋቢ መሆኑን እናት ቢያዩ ደስ አይላቸውም። «ማለዳ ለሚወጡ» የሚለውን ቢያነቡ ግን ልጃቸው እንዳሰበላቸው ያውቃሉ።

ለዘንድሮው በዓል ጋቢ፣ ነጠላ ወይም የቡና ዕቃ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ በጽሑፋችሁ ውስጥ ያለውን «3 ብቻ ቀርቷል» ዛሬ መጋዘን ገብታችሁ ቁጠሩት። ሦስት ከሆነ ይቆይ፤ ሠላሳ ከሆነ አጥፉትና በቦታው ጋቢው ስንት ድርብ እንደሆነ ጻፉበት።