ለአያት የሚላክ ሰላምታ

የእንግሊዝኛው «ዩ» ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያደገ ልጅ ለሴት አያቱ የጻፈውን ሰላምታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አስቀድሞ ልጁን ይጠይቀው፦ በስልክ ስታወራቸው ምን ትላቸዋለህ? አያትን በፍቅር «አንቺ» የሚሉ ቤቶች አሉ። እዚያ ድንገት «እርስዎ» ቢመጣ አያት «ምን አስቀየምኩት?» ሊሉ ይችላሉ። የቤቱ ልማድ ካልታወቀ ግን «እርስዎ» ይሻላል፤ ያልለመዱትን «አንቺ» ከልጅ ልጅ መስማት የበለጠ ያስከፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመረጠ በኋላ ነው። «እማማ እንዴት ነዎት? ደህና አደርሽ?» ብሎ ይቀላቅላል። በአማርኛ አክብሮቱ ተውላጠ ስሙ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ «እርስዎ» የሚለው ቃል ጨርሶ ባይጻፍ እንኳ ግሱና ስሙ ይሸከሙታል፦

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎን አሞዎት ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ አሁን ተሻለዎት? በጣም ናፍቀውኛል።»

ጽፎ ከጨረሱ በኋላ ጮክ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል፤ ሾልካ የገባች «ሽ» ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ቶሎ ትታወቃለች። ብዙ ጊዜ የምትረሳው መጨረሻው ላይ ነው፤ ከስሙ በፊት «የሚወድዎ የልጅ ልጅዎ» ተብሎ መፈረም ሲገባው «የሚወድሽ» ተብሎ ይቀራል።