የቆመ መኪና የሚያመልጠው ራዳር

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ነዎት እንበል። አዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮሉን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሞልተው፣ ከፊት ካለው መኪና የሁለት ሰከንድ ርቀት እንዲጠብቅ አዘውታል። በዚህ ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ማለት 56 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ በጊዜ ስለሚለካ መንገዱ ሲጨናነቅና ፍጥነቱ ሲወርድ ክፍተቱም አብሮ ይጠባል።

ሥራውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከፊት ፓራውልቱ ወይም ከመኪናው አርማ ጀርባ የተቀመጠ ራዳር ነው። የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ከፊት ባለው መኪና ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ያሳያል። የአምቡላንስ ጩኸት እየቀረበ ሲመጣ ቀጥኖ፣ አልፎ ሲሄድ ወፍሮ እንደሚሰማን ሁሉ፣ የተመለሰው ሞገድም የፊተኛው መኪና ምን ያህል እየቀረበን ወይም እየራቀን እንደሆነ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ከሁለቱ ተነሥቶ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ካልበቃም ፍሬን ይይዛል።

ሥርዓቱ የሚቋረጥባቸው ሁኔታዎች አሉ። እርስዎ ፍሬን ሲረግጡ ወዲያውኑ ይለቃል፤ ነዳጅ ከሰጡ ግን እስኪያነሡ ድረስ ብቻ ይታገሣል። ራዳሩን ጭቃ ወይም በረዶ ሲሸፍነው፣ ጎማዎቹ ሲንሸራተቱ፣ በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲወርድ ሥራውን ያቆማል። እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ በድምፅና በዳሽቦርዱ ላይ በሚወጣ መልእክት ያሳውቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳይቋረጥ የሚሳሳትበት ጊዜ ነው። ለራዳሩ የመንገድ ምልክቱ፣ የድልድዩ ብረትና የዳር መከላከያው ሁሉ ሞገድ ይመልሳሉ። ለእያንዳንዳቸው ፍሬን ቢይዝ መኪናው በባዶ መንገድ ላይ እየቆመ ከኋላው የሚመጣውን ለግጭት ይዳርጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሥርዓቶች፣ በተለይ የቆዩት፣ ሲንቀሳቀስ አይተውት የማያውቁትን የቆመ ነገር ችላ ይላሉ። አዳዲሶቹ ካሜራ ተጨምሮላቸው ተሻሽለዋል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን አሁንም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

አሁን የሚከተሉት መኪና ድንገት ረድፍ ቀየረ። ከፊቱ የነበረው፣ ለእርስዎ ተጋርዶ የቆየው የተበላሸ የጭነት መኪና 60 ሜትር ላይ ቆሞ ይታያል። ራዳሩ የሚከተለው ስላጣ መንገዱ ነጻ ሆኗል ብሎ ይገምታል። ፍጥነትዎ ቀድሞ ከሞሉት 100 ወርዶ ከነበረ፣ እንዲያውም ነዳጅ ይጨምራል። ቢያየው እንኳ ክሩዝ ኮንትሮል ፍሬን የሚይዘው ለስለስ አድርጎ ነው፤ በዚያ አያያዝ ከ100 ለመቆም 110 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እግርዎ ዝግጁ ሆኖ በሙሉ ኃይል ቢረግጡ ደረቅ አስፋልት ላይ 50 ሜትር ገደማ ይበቃዎታል። አንድ ሰከንድ ቢዘገዩ ግን ፍሬን ሳይነካ 28 ሜትር አልፏል።

በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ራዳሩ የሚከተለው መኪና በትንሽ ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ ሲጠፋ እግርዎን ፍሬኑ ላይ አድርገው ዓይንዎን ወደ ፊት ይላኩ።