ከዚህ በኋላ የሚቆረጠው መድኃኒቱ ነው

በአማርኛ አጭር የስልክ መልእክት የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ የሚጋጨው ከ70 ቁጥር ጋር ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ በዚህ ቦታ 160 ፊደል ይገባል። የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ ከ70 በላይ አይገባም። ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ጽሑፉ 71 ከደረሰ ስልኩ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ያኔ ክፍሎቹን ለማያያዝ የሚያስፈልገው ምልክት ቦታ ስለሚሻማ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፣ ክፍያውም የሁለት መልእክት ይሆናል። ለብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ለሚልክ ድርጅት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህም ጽሑፉን ያዘዘው ሰው ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ትንሽ ይጠርልን።»

ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከጤና ቢሮ ደብዳቤ አጻጻፍ የወጣ የሚከተለው ዓይነት ረቂቅ እንዳለ ይቀመጥ፦

«ውድ ወላጆች፣ ተቅማጥ የሕፃናትን ሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያሟጥጥ ለሕይወታቸው አስጊ ነው። ስለሆነም ልጅዎ ተቅማጥ ሲይዘው ሙሉውን የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በሚገባ በጥብጠው ባስቀመጠው ቁጥር እንዲያጠጡት፣ የተበጠበጠውንም ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲደፉት በአክብሮት እናሳስባለን።»

ይህ 184 ፊደል ነው፤ ሲላክ ሦስት መልእክት ይሆናል። ሰላምታው፣ ምክንያቱ፣ «በአክብሮት እናሳስባለን» የሚለው መዝጊያ ቢወጡ ልጁ የታመመባት እናት የምታደርገው ነገር አይለወጥም። ሲወጡ የሚቀረው ይኸውና፦

«አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጥብጡ። ባስቀመጠው ቁጥር ያጠጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉ።»

68 ፊደል። በአንድ መልእክት ይሄዳል፣ ሁለት ፊደልም ይተርፋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያዘዘው ሰው ረቂቁን አይቶ ደስ ይለውና አንድ ነገር ይጨምራል፦ «ልጁ ከባሰበት ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት የሚለውም ይግባ። ሌላውን ትንሽ ብታሳጥሩት ቦታ ይገኛል።» ከ184 ወደ 68 የወረደ ጽሑፍ አሁንም የሚወርድ መምሰሉ አያስገርምም። የመጀመሪያው ቅነሳ ግን ጌጡን ያነሳ ነበር፤ የሚቀጥለው የሚያነሳው ትእዛዙን ነው።

ይህን ለመለየት አንድ መንገድ አለ። ከጽሑፉ አንድ ቃል ይወጣል፣ ከዚያ የቀረውን ብቻ ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል ተብሎ ይጠየቃል። «1 ሊትር» ይውጣና «በንጹህ ውሃ ይበጥብጡ» ይባል። የተገኘው ትርፍ 6 ፊደል ነው። ነገር ግን ፓኬቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ለአንድ ብርጭቆ የተሠራ ይመስለዋል። ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨዉ ከሚገባው አራት እጥፍ ይወፍራል። ውሃ ላጣ ሕፃን እንዲህ ያለ ውህድ መስጠት በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ አድርጎ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ውሃው ከበዛ ደግሞ ውህዱ ይሳሳና የወጣውን ጨው አይተካም።

«ባስቀመጠው ቁጥር» ቢወጣ እናትየዋ አንድ ጊዜ አጠጥታ መድኃኒት የሰጠች ይመስላታል። ኦአርኤስ ግን ተቅማጡን አያቆምም፤ የወጣውን ይተካል እንጂ። ስለዚህ በወጣ ቁጥር መግባት አለበት፤ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ በየተቅማጡ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይመከራል። «ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉ» ቢወጣ ውህዱ በጆግ ውስጥ ያድርና ይቆያል፤ ስኳርና ውሃ ያለበት ነገር ደግሞ ለተህዋስያን ምቹ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የሚያሳየው አንድ ነው፤ የሚወጣ ቃል ቢኖርም የሚወጣው ከእናትየዋ ተግባር ጋር ነው።

አስፈላጊው ምን እንደሆነ ከጸሐፊው ይልቅ ተግባሩን የሚፈጽመው ሰው እንደሚያሳይ በባንግላዴሽ በሰፊው ታይቷል። ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ሴት ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ እናቶች በቤታቸው ባለው ጨውና በሸንኮራ ጭማቂ በተሠራ ጥቁር ስኳር ውህዱን እንዲያዘጋጁ አስተምሯል። ትምህርቱ በመጀመሪያ ሊታወሱ የሚገባቸው 10 ነጥቦች ነበሩት፤ በኋላ ወደ 7 ወርደዋል። ጨው ግን በሦስት ጣት እንደሚቆነጠር፣ ውሃውም ምን ያህል እንደሆነ ማስተማሩ አልቀረም። ድርጅቱ እናቶቹ ምን ያህሉን እንዳስታወሱ ተመልሶ ይጠይቅ ነበር፣ የሠራተኞቹንም ክፍያ ከዚያ ጋር አያይዞታል። የበጠበጡትም ናሙና እየተወሰደ የጨዉ መጠን ይመረመር ነበር። ቃሉ ቢያጥር ባያጥር፣ ልኩ የሚታወቀው ከውህዱ ነበር።

ጽሑፉ ወለሉን እንደነካ ያወቀ ጸሐፊ ቀጥሎ የሚገጥመው ሥራ ይህንን ለአዛዡ ማስረዳት ነው። «ከዚህ በላይ አያጥርም» ብቻ ቢል እምቢታ ወይም ስንፍና ይመስልበታል፤ አዛዡም ሌላ ሰው ፈልጎ «1 ሊትር»ን ያስወጣል። የሚሻለው ሒሳቡን ማሳየት ነው። አዛዡ የጠየቀው ዓረፍተ ነገር ተቆጥቦ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ተቅማጡ ደም ካለው፣ ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።»

53 ፊደል ነው። ከመጀመሪያው መልእክት የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ እንኳ የሚለቀቀው ቦታ 19 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መልእክት የሚገቡበት መንገድ የለም፤ ይህ የጸሐፊው አስተያየት ሳይሆን አዛዡ ራሱ ቆጥሮ የሚያረጋግጠው ነገር ነው።

ከዚያ ምርጫው ከነዋጋው ይቀርብለታል። ጸሐፊው የሚልከው ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አሁን ያለው 68 ፊደል ነው። መጠኑን፣ የማጠጫ ጊዜውንና የመድፊያ ጊዜውን ይዟል። የሕመም ምልክቶቹ 53 ፊደል ስለሚወስዱ አብረው አይገቡም። ሁለት መልእክት ከላክን ሁሉም ይደርሳል፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል። አንድ ብቻ ከተላከ ምልክቶቹ ይቅሩና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ይነገሩ። መጠኑን አውጥተን ምልክቶቹን እንድናስገባ ግን አልመክርም፤ በብርጭቆ ይበጠበጣል።»

አዛዡ ሁለቱን መልእክት ከመረጠ አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ሁለቱ ለየብቻ ከተላኩ ሁለተኛው ቀድሞ ሊደርስ ወይም የመጀመሪያው ሳይነበብ ሊጠፋ ይችላል። በሁለተኛው ውስጥ «ተቅማጡ» እና «ልጁ» የሚሉት ቃላት ያሉት ለዚህ ነው። ሁለቱን ቃላት ማውጣት 8 ፊደል ያተርፋል፤ ነገር ግን መልእክቱን ብቻውን ያነበበ ሰው ደሙ የየት፣ መጠጣት ያቃተው ማን እንደሆነ አያውቅም። ቦታ ተርፎም ቢሆን፣ ሁለተኛው መልእክት ከ53 በታች የማይወርድበት ምክንያት ይኸው ነው።